የአቅራቢን ዋጋ ሳይቀበሉ በሩን ክፍት መተው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግዢ ላይ የሚሠራ ሰው ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ ሰብስቦ አንዱን ሲይዝ ሁለቱን እምቢ ማለቱ ነው። ይሄ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ግን ዋጋ ስለማስቀነስ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ሆኖ ሳለ እንዴት እምቢ እንደሚባል የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቁኝም አብዛኞቹ እምቢ ካሉ በኋላ ነው፣ ያው አቅራቢ ተመልሶ ሲያስፈልጋቸው። ስለዚህ ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰበሰብኳቸው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የራሴን ጉዳይ ይዤ እሄዳለሁ። 5,000 የታተመ የእቃ ማሸጊያ ካርቶን ፈልገን አንድ ማተሚያ ቤት በአንዱ 18 ሂሳብ፣ በድምሩ 90,000 አቀረበልን። እኛ ልንከፍል የምንችለው ከ16 አይበልጥም ነበር።

ዝም ብል አይሻልም? ካልመለስኩ እምቢ ማለቴ ይገባቸዋል እኮ።

ይገባቸዋል፣ ግን ምን እንደገባቸው እናንተ አታውቁም። ዝምታ ሲደርሰው አንዱ አቅራቢ "ዋጋ ለማወዳደር ብቻ ነው የተጠቀሙብኝ" ይላል። ሌላው ደግሞ ገና እያሰባችሁ ነው ብሎ ማሽኑ ላይ ቦታ ይዞ ይጠብቃል፣ በየሦስት ቀኑም ይደውላል። ሁለቱም ቀጥሎ ስትመጡ ጥሩ ዋጋ አይሰጧችሁም። የመጀመሪያው ለናንተ ፕሮፎርማ ለመሥራት ጊዜውን ማባከን አይፈልግም፤ ስለዚህ ሳያሰላ ከፍ ያለ ቁጥር ጽፎ ይልካል።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገርም አለ። ፕሮፎርማውን የላከላችሁ የሽያጭ ሠራተኛ አለቃ አለው። ሥራው ለምን እንዳመለጠ ተጠይቆ አንድ ነገር መመለስ አለበት። "በጀታቸው ከዋጋችን ያንሳል፣ ጥራቱን ግን ወደውታል" የሚል ጽሑፍ ከእናንተ በእጁ ካለው ለአለቃው ያሳያል፣ ቀጥሎ ቅናሽ ሲጠይቅላችሁም ማስረጃ ይሆነዋል። ዝም ካላችሁት ባዶ እጁን ነው የምትልኩት።

ዛሬ እምቢ ብዬ ከወር በኋላ በዚያው ዋጋ እገዛለሁ ማለት እችላለሁ?

መጠየቅ ትችላላችሁ፣ መብት ግን የላችሁም። ይሄ ጥያቄ ትንሽ ሰፋ አድርጌ የምመልሰው ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

በብዙ አገር ሕግ አንድን የዋጋ ሐሳብ እምቢ ስትሉ ያ ሐሳብ እዚያው ይሞታል። ፕሮፎርማው ላይ "ለ30 ቀን የጸና" ተብሎ ቢጻፍም፣ እናንተ በአምስተኛው ቀን እምቢ ካላችሁ ቀሪው 25 ቀን አብሮ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ቪየና ላይ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት አንቀጽ 17 ላይ ይህንኑ ይላል፦ እንዳይሻር ቃል የተገባበት ሐሳብ እንኳ እምቢታው ለአቅራቢው ሲደርሰው ያበቃል። ይሄ ስምምነት የሚሠራው የፈረሙ አገሮች ውስጥ ባሉ ነጋዴዎች መካከል ድንበር ተሻግሮ ለሚደረግ ሽያጭ ነው፤ የአገር ውስጥ ግዢ በየአገሩ ሕግ ይታያል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰው እምቢ ማለቱን ሳያውቅ እምቢ የሚልበት መንገድ ነው። "በ16 ውሰዱት" ብላችሁ ከጻፋችሁ ያ የራሳችሁ አዲስ ሐሳብ ነው፣ የእነሱን 18 ደግሞ ጥሎታል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1840 ሃይድ እና ሬንች በሚባል ክርክር የታየው ይሄ ነው። ሻጩ እርሻውን በ1,000 ፓውንድ ልሽጥልህ አለ፤ ገዢው 950 አለው፤ ሻጩ እምቢ አለ፤ ገዢው ተመልሶ "እሺ፣ በ1,000 ወስጃለሁ" አለ። ፍርድ ቤቱ ውል የለም አለ፤ 950 ባለ ጊዜ የ1,000ው ሐሳብ ሞቷል፣ ገዢው ብቻውን ሊያስነሳው አይችልም።

መውጫው መጠየቅ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 በታየው የስቲቨንሰን እና መክሊን ክርክር፣ ብረት ሊገዛ የነበረው ወገን ያደረገው ማስረከቡ በሁለት ወር ውስጥ ይሆን እንደሆነ፣ ካልሆነ ደግሞ እስከ መቼ ሊራዘምለት እንደሚችል መጠየቅ ብቻ ነበር። ሻጩ ይሄን እንደ እምቢታ ቆጥሮ ብረቱን ለሌላ ሸጠ። ፍርድ ቤቱ ግን "ይሄ ጥያቄ ነው እንጂ እምቢታ አይደለም" ብሎ ለገዢው ፈረደ።

ለእኛ ሥራ ሲተረጎም፦ ፕሮፎርማው ገና የጸና ሆኖ ሳለ ልትወስዱት የምትችሉበት ዕድል ካለ "በ16 ብቻ ነው የምንወስደው" አትበሉ። "መጠኑ ቢጨምር ዋጋው ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ የምትሉት በእርግጥ በዚያ ዋጋ እንደማትወስዱት ስታውቁ ነው። እኛ ካርቶኑን በ18 እንደማንወስደው እርግጠኛ ነበርን፣ ስለዚህ ፕሮፎርማው ቢሞት የሚጎዳን ነገር አልነበረም። በነገራችን ላይ አንዳንዱ ፕሮፎርማ ከመጀመሪያውም ሐሳብ አይደለም፤ ግርጌው ላይ "ለመረጃ ብቻ" ወይም "ዋጋው ያለ ማስታወቂያ ሊቀየር ይችላል" ይላል። ግርጌውን አንብቡ።

እምቢ ከማለቴ በፊት ምን ማየት አለብኝ?

እምቢ የምትሉት ለትክክለኛው ቁጥር መሆኑን። ለካርቶኑ ሁለተኛ ፕሮፎርማ ነበረን፣ በአንዱ 15 የሚል። 5,000 ሲባዛ 75,000። ሲታይ ልብ ያሞቃል። 18 ያለውን "ሌላ ቦታ በ15 አግኝተናል" ብዬ ልጽፍለት እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሁለቱን መስመር በመስመር አየኋቸው። 18 ያለው ዋጋ የማተሚያ ፕሌቱን፣ የመቁረጫ ቅርጹንና እስከ መጋዘናችን ማድረሱን ሁሉ ይጨምራል። 15 ያለው ግን ፕሌቱንና ቅርጹን ለብቻው 12,000 ያስከፍላል፣ ማጓጓዣውም በእኛ ነው፤ አጣርቼ 6,000 መጣ። ድምሩ 93,000። በአንዱ 18.60 ማለት ነው። ርካሹ ውድ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ "በ15 አግኝተናል" ብዬ ብጽፍ ኖሮ በማላምንበት ቁጥር ነበር የምከራከረው። ሥራውን የሚያውቅ አቅራቢ ደግሞ ይሄንን ወዲያው ይይዘዋል፤ የወረቀቱን ዋጋ ከእናንተ በላይ ያውቃላ። ከመጻፋችሁ በፊት አራት ነገር ብቻ አስተካክሉ፦ ምን ያህል ብዛት፣ ምን ዓይነት ዕቃ (ለካርቶን ከሆነ የወረቀቱ ክብደት፣ ግራም በካሬ ሜትር)፣ እስከየት ድረስ የደረሰ፣ ክፍያው መቼ። ታክስም አንዱ ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ሊሆን ይችላል። እነዚህ ካልተመሳሰሉ ሁለት ዋጋ አላወዳደራችሁም።

የሌላ ተወዳዳሪ ዋጋ ልጥራ ወይስ ልተው?

እኔ ተዉት ነው የምለው። ስል ደግሞ ከጻድቅነት አይደለም፣ ተቃጥዬበት ነው።

ከዓመታት በፊት ለሌላ የኅትመት ሥራ ለአንድ አቅራቢ እንደዚያው "ከእናንተ በሲሶ ባነሰ አግኝተናል" ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፎርማዎቹን በደንብ አላስተያየሁም ነበር። የሽያጭ ኃላፊው የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ "በዚያ ዋጋ ካገኛችሁ እባካችሁ አድራሻቸውን ላኩልኝ፣ እኔም ከእነሱ እገዛለሁ።" ሳቅኩ፣ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ርካሹ አቅራቢ ናሙናው ላይ ሲወድቅ ወደዚያው ሰውዬ መመለስ ነበረብኝ። አዲሱ ፕሮፎርማ ከበፊቱ ከፍ ብሎ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለመጠየቅም ፊት አልነበረኝም።

ሌላ አቅራቢ መኖሩን መናገር ችግር የለውም፤ እነሱም ያውቃሉ። ቁጥሩን፣ ስሙንና ሰነዱን ግን አታውጡ። የአንዱን ፕሮፎርማ ለሌላው ማሳየት በብዙ ድርጅት የግዢ ደንብ የተከለከለ ነው፣ ባይከለከልም አቅራቢው የሚያስበው ግልጽ ነው፦ የእኔንም ነገ ለሌላ ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ዝቅተኛ ዋጋውን ማን ይጽፍላችኋል?

ምክንያቴን ምን ያህል ልንገር?

ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ያህል። "ዋጋው ውድ ነው" የሚለው ምንም አይነግራቸውም፣ ደግሞ ትንሽ ይሰድባል፤ ያላግባብ ጨምራችኋል የማለት ያህል ነው። "በጀታችን አይደርስም" ግን ስለ እናንተ እንጂ ስለ እነሱ አይደለም። ፊትም አያጠቁርም።

በጀቱ ስንት ነው ቢሉስ? እዚህ ላይ ሰው ሁለት ይከፈላል። እኔ እምቢ በምልበት ደብዳቤ ላይ ቁጥሩን አልጽፍም። 16 ብዬ ብጽፍ ቀጥሎ የሚመጣው ፕሮፎርማ ልክ 16 ሆኖ ነው፣ 15.50 ሊሆን ይችል የነበረው። በሌላ በኩል ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ፣ እነሱ 18 ብለው እናንተ 9 ካላችሁ፣ በስልክም ቢሆን "ከግማሽ በላይ አንደርስም" ማለት ጊዜ ያድናል፤ የማይገናኝ ነገር ላይ ሦስት ወር መጠበቅ ለማንም አይጠቅምም።

ከቁጥሩ ይልቅ የምነግራቸው ምን ቢቀየር ዋጋው ሊቀየር እንደሚችል ነው። ለዚህ የዋጋውን ሆድ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የካርቶን ዋጋ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ነው፦ ፕሌቱና የመቁረጫ ቅርጹ። አቅራቢያችንን ስጠይቀው ይሄ 15,000 ነው አለኝ። ሌላው በየካርቶኑ የሚወጣው ወረቀት፣ ቀለም፣ ጉልበትና ማጓጓዣ ነው፣ 15 ገደማ። 15,000 ለ5,000 ሲካፈል በአንዱ 3፣ በዚያ ላይ 15፣ ያው 18። ለ10,000 ሲካፈል ግን 1.50 ብቻ ነው፣ ዋጋው 16.50 ይሆናል። ማንም ሰው ትርፉን ሳይነካበት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ካያችሁ "ቀንሱልን" ከማለት ይልቅ ቀዳዳውን ማሳየት ይሻላል።

ሁሉም ዕቃ እንዲህ አይደለም። አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ የሌለው ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ከመደርደሪያ ተነስቶ የሚሸጥ የቢሮ ዕቃ፣ ብዛት መጨመር የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። እዚያ ላይ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የክፍያ ጊዜ ነው፤ አቅራቢው ዕቃውን በብድር ገዝቶ ከሆነ ቶሎ ብትከፍሉት ወለዱን ታድኑለታላችሁ።

ደብዳቤው ራሱ ምን ይመስላል?

ለካርቶኑ የላክነው ይሄ ነው፣ ስምና የፕሮፎርማ ቁጥር ቀንሼበታለሁ፦

> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> ለ5,000 ካርቶን የላካችሁልን የዋጋ ማቅረቢያ ደርሶናል። ናሙና ጨምራችሁ ስለላካችሁልን እናመሰግናለን።
>
> በዚህ ዙር ትዕዛዙን በቀረበው ዋጋ ልንሰጥ አንችልም፤ ለዚህ ግዢ የያዝነው በጀት አይደርስም። በናሙናው ጥራትም ሆነ በማስረከቢያ ጊዜው ላይ ቅሬታ የለንም።
>
> የካርቶን ግዢያችንን እንደገና የምናየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያኔ ብዛቱ እስከ 10,000 ሊደርስ ይችላል፤ በሁለት ጊዜ ብንረከብም ይመቸናል። በዚህ መጠን ዋጋው ምን ሊሆን እንደሚችል ያኔ ብታሳውቁን ደስ ይለናል።
>
> ይህ ትዕዛዝ ወይም የትዕዛዝ ቃል አይደለም፤ እስከዚያ ወረቀትም ሆነ የማሽን ጊዜ እንዳትይዙልን እንጠይቃለን።
>
> ከሰላምታ ጋር

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ "ልንሰጥ አንችልም" ይላል። "ትንሽ የሚከብደን ይመስላል"፣ "እናስብበታለን" የለበትም። በእኛ ቋንቋ "እናያለን" ስንል ግማሹ ሰው እሺ ነው ይለዋል፣ ግማሹ እምቢ ነው ይለዋል፤ ትህትናችን ነው ጉድ የሚሠራን። እምቢታው ግልጽ ካልሆነ አቅራቢው መደወሉን አያቆምም፣ እናንተም ስልኩን ማንሳት ትፈራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ትቋረጣላችሁ። "በዚህ ዙር" እና "በቀረበው ዋጋ" የሚሉት ሁለቱ ናቸው በሩን የሚይዙት። እምቢ የተባለው ይሄ ዋጋ በዚህ ጊዜ ነው፣ ድርጅቱ አይደለም።

የመጨረሻው መስመር ሊከብድ ይችላል፣ ግን አውቄ ነው ያስገባሁት። አንድ የማውቃት የግዢ ባለሙያ "በቅርቡ ትልቅ ትዕዛዝ ይኖረናል" ብላ ጽፋ አቅራቢው ወረቀት ገዝቶ መጋዘን አስገባ። ትዕዛዙ ሳይመጣ ቀረ። ክስ አልመጣባትም፣ ሰውዬው ግን ከዚያ በኋላ ያለ ሙሉ ቅድሚያ ክፍያ ሥራ አልነካላትም። ለዚህ ነው "ሊደርስ ይችላል" ያልኩት፣ "ይደርሳል" አይደለም። 10,000ውንም ከአየር አላመጣሁትም፤ የሽያጭ ክፍላችንን ጠይቄ የስድስት ወር ፍጆታችን እዚያ ገደማ መሆኑን አውቄ ነው።

ልኬ ሳልጨርስ ወዲያው ቀንሰው መልስ ላኩ። ልቀበል?

በእኛም ሆነ። በማግስቱ "ሙሉውን ቅድሚያ ከከፈላችሁ በ17 እንሠራለን" የሚል መጣ። 85,000። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ ግማሽ ቅድሚያ፣ ግማሽ ሲረከቡ ነበር የሚለው።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የማየው ምን እንደተቀየረ ነው። ዋጋ በባዶ ሜዳ አይወርድም። እዚህ የተቀየረው ክፍያው ነው፣ ግልጽ ነው፣ ሐቀኛም ነው፤ 5,000 ቀንሰው ከዕቃው በፊት ሌላ ግማሽ ገንዘብ ጠየቁ። ችግሩ ካርቶኑ ተበላሽቶ ቢመጣ ልንይዝበት የምንችለው ገንዘብ በእጃችን አይኖርም። ከዚያም 17 አሁንም ከ16 ይበልጣል። አመስግነን፣ በደብዳቤው እንደጸናን ነገርናቸው። ሁለተኛው እምቢታ ከመጀመሪያው ይቀላል፣ አጭር ይሁን፣ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ምንም ሳይቀየር ቀነስን ሲሉ ነው። ወይ መጀመሪያውኑ አየር ሞልተው ነበር፣ ወይ ዕቃው ውስጥ የሆነ ነገር ቀጥኗል። ለካርቶን የተለመደው የወረቀቱ ክብደት ነው፤ 350 ግራም የነበረው 300 ሆኖ ይመጣል፣ በዓይን ብዙም አይለይም፣ ዕቃ ሲደረብበት ግን ይጎብጣል። ስለዚህ በስልክ የተነገረ ቅናሽ አይያዝም። ሙሉ ዝርዝር ያለው፣ አዲስ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ፕሮፎርማ ይላክ፣ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ይታይ።

ተመልሼ የምጠይቀው መቼ ነው?

ባላችሁት ጊዜ። ሦስት ወር ካላችሁ በሦስት ወር፤ ትዕዛዙ ባይኖር እንኳ "ገና ነው" ለማለት ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል። ቀጠሮ ያከበረ ገዢ ብርቅ ነው፣ አቅራቢም ያስታውሰዋል።

ከቀጠሮው በፊት የሚያስኬድ ምክንያትም አለ፦ የጥሬ ዕቃው ዋጋ ሲወርድ፣ ብዛታችሁ ሲጨምር፣ ወይም አቅራቢው ሥራ ሲቀዘቅዝበት። ማተሚያ ማሽን ቆሞ የሚውልበት ቀን ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ያን ጊዜ የሚሰጠው ዋጋ በሥራ ብዛት ከሚሰጠው ጋር አንድ አይደለም። ይሄንን ከውጭ ማወቅ ይከብዳል፣ ግን የሽያጭ ሠራተኛውን "መቼ ነው ሥራ የሚቀላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ ይነግራችኋል። እኔን ነግሮኛል።

ስትመለሱ የድሮውን ፕሮፎርማ አያይዛችሁ "ይሄን እናድሰው" አትበሉ፤ ከላይ እንዳልኩት ሞቷል፣ ደግሞም በ18 ላይ ትቆማላችሁ። አዲስ ጥያቄ አድርጋችሁ፣ በአዲሱ ብዛትና ሁኔታ ጠይቁ።

ጨረታ ከሆነስ?

ያኔ ይሄ ሁሉ አይሠራም። በታሸገ ፖስታ የሚካሄድ ጨረታ ላይ፣ በተለይ የመንግሥት ግዢ ከሆነ፣ ከተሸነፈ ተጫራች ጋር በጎን ስለ ዋጋ መነጋገር ራሱ ጥፋት ነው። ውጤቱን በደንቡ በተጻፈው መንገድ ታሳውቃላችሁ፣ ያበቃል። "ቀጥሎ እንነጋገራለን" የሚል ቃል እንዳታስገቡ፤ ቅሬታ ቢነሳ መጀመሪያ የሚነበበው ያ መስመር ነው።

በርግጥ ከዚህ አቅራቢ መግዛት ካልፈለግኩስ? ለትህትና ያህል በሩን ክፍት ልተው?

አትተዉ። ናሙናውን ካልወደዳችሁት ወይም ሰዎቹን ካላመናችኋቸው "ቀጥሎ እናያለን" ብሎ መሸኘት ማታለል ነው። እነሱ ተስፋ አድርገው ደጋግመው ፕሮፎርማ ይሠራሉ፣ እናንተ ደጋግማችሁ እምቢ ትላላችሁ። "ለዚህ ሥራ ሌላ መርጠናል፣ ለጊዜውም አዲስ አቅራቢ አንፈልግም" በቂ ነው።

በስልክ ልንገራቸው ወይስ በጽሑፍ?

ሰዎቹን የምታውቋቸው ከሆነ መጀመሪያ ደውሉ፣ በዚያው ቀን ጽሑፉን አስከትሉ። ካልሆነ ጽሑፉ ብቻ ይበቃል። በስልክ ብቻ መተው ግን አልመክርም፤ ያነጋገራችሁት ሰው ሥራ ቢቀይር የተባለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ካርቶኑ መጨረሻ ምን ሆነ?

በአሥረኛው ሳምንት፣ እኛ ከመጻፋችን በፊት፣ የሽያጭ ሠራተኛው ራሱ ደወለ። አንድ ደንበኛቸው ሥራ አዘግይቶባቸው ማሽኑ ለአራት ቀን ባዶ ነበር። ደብዳቤያችን ፋይሉ ውስጥ ስለነበር "10,000 በሁለት ጊዜ" የሚለውን አውጥቶ አስልቷል። በስሌቱ 16.50 መሆን የነበረበት ወረቀቱን በአንድ ጊዜ በብዛት ስለሚገዙ 15.80 ሆኖ መጣ፣ በድምሩ 158,000፤ ግማሽ ቅድሚያ፣ የቀረው በየርክክቡ። ጠርዛችን 160,000 ነበር። የወረቀቱን ክብደት አየሁት፣ ያው 350 ግራም ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጨመርኩ፦ ፕሌቱና የመቁረጫ ቅርጹ ከተከፈለባቸው በኋላ የእኛ ንብረት እንዲሆኑ፣ ቀጥሎ ስናዝዝ ያ 15,000 እንደገና እንዳይጠየቅ። ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ፈረመ።